የዓመት ምርመራ ማስታወሻ፦ ለካርድ ክፍልና ለስልክ አስተናጋጆች

ከክትትል ክፍል ነርስ

ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ታካሚዎቻችን በዓመት አንድ ጊዜ ዓይናቸው፣ እግራቸውና ኩላሊታቸው እንዲታይ እንፈልጋለን። መድኃኒት ለመውሰድ በየወሩ እየመጡ ይህን ምርመራ ግን የሚያሳልፉ ብዙ ናቸው። ከዚህ ወር ጀምሮ ሁላችንም በአንድ ቃል እንድናስታውሳቸው መልእክቶቹንና የስልኩን አነጋገር ከዚህ በታች ጽፌያለሁ። እባካችሁ ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ተጠቀሙባቸው።

የመጀመሪያው መልእክት ዓመቱ ሊሞላ አንድ ወር ሲቀረው ይላካል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የዓመት ምርመራዎ ጊዜ ደርሷል። የሚመችዎትን ቀን በዚህ ስልክ ይንገሩን። የፒያሳው ክሊኒክ»

ያጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። በአማርኛ የሚጻፍ አጭር መልእክት ክፍት ቦታውና ነጥቡ ተቆጥሮ 70 ፊደል ነው የሚይዘው፤ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ስለ ስኳር ምንም አለማለቱም ታስቦበት ነው። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የልጅ፣ የምራት ወይም የጎረቤት ነው። ሕመማቸውን ለቤተሰብ ያልተናገሩ አሉ፤ በእኛ መልእክት ሊወጣባቸው አይገባም።

መልስ ካልመጣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው ይላካል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለምርመራዎ ቀን ለመያዝ ሚስኮል ያድርጉ፤ እኛ እንደውላለን። የፒያሳው ክሊኒክ»

«ለሁለተኛ ጊዜ እናሳስባለን»፣ «እስካሁን አልቀረቡም» የሚል ነገር አትጨምሩበት። ያልመጣ ሰው አለመምጣቱን ያውቀዋል። ሒሳብ ስለሌለው ያልደወለ ደግሞ ሚስኮል ትበቃዋለች፤ ሚስኮል ለመጣበት ቁጥር በዚያው ቀን መደወል የእኛ ግዴታ ነው።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይተን አንድ ጊዜ እንደውላለን። ማንበብ ለማይችሉት ግን ገና ከመጀመሪያው በስልክ ነው የምንነግራቸው፤ ካርዳቸው ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። ዓርብ በጁምዓ ሰዓትና እሑድ ጠዋት አትደውሉ። ከባቲ ለሚመጡት ሰኞን አታቅርቡላቸው፤ ገበያቸው ነው።

ስልኩን ሌላ ሰው ካነሳው፦ «እንደምን ዋላችሁ? እማማን ፈልጌ ነበር። ከፒያሳ እንደደወልኩ ብቻ ይንገሩልኝ፣ ሌላ ጊዜ እደውላለሁ።» ይኸው ነው። «ምን ሆነች?» ቢባል እንኳ «ደህና ናቸው፣ ለጉዳይ ነው» በሉ።

ራሳቸው ሲያነሱት አነጋገሩ እንዲህ ይሁን። ከሐይቅ የሚመጡ እናት ናቸው እንበል፦

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ቤተሰቡ ደህና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ። ማን ልበል?»

«ከፒያሳው ክሊኒክ ነኝ። ለአንድ ደቂቃ ይመችዎታል?»

«ይመቸኛል፣ ተናገሪ።»

«የዓመት ምርመራዎ ጊዜ ስለደረሰ ላስታውስዎ ብዬ ነው። ዓይን፣ እግርና ሽንት የምናይበት ነው። በዚህ ሰሞን ይሆንልዎታል ወይስ ቆየት ይበል?»

«ልጄ፣ እህሉ ገና አልተሰበሰበም።»

«ገባኝ። ታዲያ አጨዳው ካለቀ በኋላ ልደውል ወይስ እርስዎ ሲመችዎት ሚስኮል ያደርጋሉ?»

«እኔው አደርጋለሁ።»

«እሺ እማማ፣ እርስዎ እስኪያደርጉ አልደውልም። መድኃኒትዎን እንደ ወትሮው መውሰድ ነው። እግርዎ ላይ ቁስል ከወጣ ወይም ዓይንዎ በድንገት ከደበዘዘ ግን አጨዳውንም አይጠብቁ። ደህና ይዋሉ።»

ሁለት ምርጫ መስጠታችንን ልብ በሉ፤ ሁለቱም ያለ ኀፍረት የሚመለሱ ናቸው። የእኛ አገር ሰው ፊት ለፊት «አልመጣም» ማለት ይከብደዋል። በይሉኝታ «እሺ፣ ኢንሻአላህ»፣ «እግዜር ካለ» ይልና ቀኑን እንይዝለታለን፤ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ያፍርና ለመድኃኒቱም ሳይቀር መምጣት ይተዋል። እኔ የምፈራው ይህንን ነው። የምርመራው መዘግየት ሌላ ቀን ይካካሳል፤ ሰውየው ከናካቴው ከራቀን ግን ማን ያገኘዋል? ስለዚህ «አፈር ስሆን ይምጡ» ብላችሁ አትለምኑ። «ዶክተሩ ይቀየሙዎታል» አትበሉ። «ለምን ቀሩ?» ብላችሁም አትጠይቁ፤ ምክንያቱ ብር ሊሆን ይችላል፣ ውጤቱን መፍራት ሊሆን ይችላል፣ በስልክ የሚነገር አይደለም።

ብር የከበዳቸው ስለሚኖሩ ቀን ከመያዛችሁ በፊት የምርመራውን ጠቅላላ ዋጋ ቁርጥ አድርጋችሁ ተናገሩ። የጤና መድን ካርድ ያላቸው በጤና ጣቢያቸው በኩል ማሠራት እንደሚችሉም ንገሯቸው። ዓይናቸውን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ያሳዩ ካሉም ወረቀቱን ይዘውልን ይምጡ፤ እኛ ዘንድ ካልተሠራ የሚል ነገር የለም።

«እኔ እኮ ደህና ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል?» ለሚሉ መልሱ ይህ ነው፦ «ደህና በመሆንዎ ደስ ይላል። ስኳር ዓይን ውስጥና ኩላሊት ላይ የሚያመጣው ለውጥ መጀመሪያ ላይ ለራስ አይታወቅም፤ ስለዚህ ሰው ደህና ሆኖ ሳለ ነው የምናየው። ቶሎ ከታየ የሚደረግለት አለ።» እዚህ ላይ አቁሙ። «ዓይንዎ ይጠፋል»፣ «እግርዎ ይቆረጣል» የሚል ቃል ከዚህ ክሊኒክ ስልክ እንዳይወጣ። የፈራ ሰው ይደበቃል።

ቀን ለያዙ ሦስት ነገር ይነገራል። አንደኛ፣ ቁርስ በልተውና መድኃኒታቸውን ወስደው ይምጡ። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር ለማየት ጾም አያስፈልግም፤ ኢንሱሊን ወግተው ሳይበሉ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥተው የሚመጡ ሰዎች መንገድ ላይ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ለዓይን ምርመራ ብሌን የሚከፍት ጠብታ ስለሚደረግ ለጥቂት ሰዓት እይታ ይደበዝዛል፤ ሰው ቢያስከትሉ ይሻላል። ባጃጅ ወይም መኪና የሚነዱ በዚያ ቀን እንዳይነዱ አስረግጣችሁ ንገሯቸው። ሦስተኛ፣ ጫማና ካልሲ ይወልቃል። በቀጭን የናይለን ክር የውስጥ እግራቸውን ነካ ነካ አድርገን ስሜት እንዳለው እናያለን፤ አያምም። ይህን ቀድመው ሲያውቁ ብዙዎቹ ቅልል ይላቸዋል።

መዝገቡ ላይ «እምቢተኛ» ወይም «ጠፊ» ብላችሁ አትጻፉ። «አሁን አይመቻቸውም» ወይም «ራሳቸው ይደውላሉ» ይበቃል፤ ካርዱን ታካሚውም ያየዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለተለመደው የዓመት ምርመራ ብቻ ነው። ውጤቱ ያሰጋን፣ እግሩ የቆሰለ ወይም እይታው በድንገት የቀነሰ ሰው ካለ መልእክት አይላክም። ለእኔ ወይም ለሐኪሙ በዚያው ሰዓት ንገሩ፤ እኛው ደውለን ጉዳዩን ሳንሸፋፍን እንነግራቸዋለን።

ስልኩንም ላላነሱ፣ ከደወልንበት አንድ ወር በኋላ የዓመቱ የመጨረሻ መልእክት ይህ ነው። ረዘም ስለሚል እንደ ሁለት ይቆጠራል፣ ይቆጠር፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለ ምርመራው ዘንድሮ ደግመን አናስቸግርዎትም። ሐሳብዎን ከቀየሩ በማንኛውም የሥራ ቀን ቢመጡ ደስ ይለናል። ለመድኃኒትዎ እንደ ወትሮው ይምጡ። የፒያሳው ክሊኒክ»

ይህ ከተላከ በኋላ ለመድኃኒት ሲመጡ ካርድ ክፍል ውስጥ ጉዳዩን አታንሱባቸው። ራሳቸው ካነሱት በዚያው ቀን እንዲታዩ ወደ እኔ አምጧቸው፤ ወረፋ ቢኖርም ቦታ አዘጋጃለሁ።