የ12 ሳምንት የስብ መቀነሻ የሥልጠና ዕቅድ፦ ጡንቻን ሳያጡ ክብደት ለመቀነስ

ይህ ዕቅድ የተዘጋጀው በመጀመሪያው ቀን በሰጡኝ መረጃ መሠረት ነው። ዕድሜዎ 41 ዓመት፣ ክብደትዎ 92 ኪሎ ግራም፣ የወገብዎ ዙሪያ 104 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የሚሠሩት ተቀምጠው ስለሆነ በቀን በአማካይ 5,000 እርምጃ ብቻ ይራመዳሉ። ያለፈውን አንድ ዓመት ክብደት ሲያነሱ ስለቆዩ የዋና ዋና እንቅስቃሴዎችን አሠራር ያውቃሉ፤ ሐኪምዎም ለሥልጠና የሚያግድ ነገር እንደሌለ አረጋግጠዋል። በ12 ሳምንት ውስጥ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ግራም እንዲቀንሱ እንፈልጋለን፤ ነገር ግን የሚቀንሰው በተቻለ መጠን ስብ እንጂ ጡንቻ እንዳይሆን ዕቅዱ የእያንዳንዱን ሥራ ድርሻ ለይቶ አስቀምጧል።

ድርሻቸው እንደሚከተለው ነው። ስብ የሚቀንሰው ከሚያወጡት ያነሰ ኃይል በመመገብ ነው፤ የእግር ጉዞ ይህን ልዩነት ያሰፋዋል። ክብደት ማንሳት የተቀመጠው ካሎሪ ለማቃጠል ሳይሆን፣ ምግብ ባነሰበት ወቅት ሰውነትዎ ጡንቻውን እንዲያቆይ በቂ ምክንያት ለመስጠት ነው። ካርዲዮ ለልብና ለሳንባ ጤንነት ሲባል በመጠኑ ይሠራል።

ክብደት ማንሳት፦ ሰኞ፣ ረቡዕ እና ዓርብ

ሁለት ክፍለ ሥልጠናዎችን እያፈራረቁ ይሠራሉ። በመጀመሪያው ስኳት፣ ቤንች ፕሬስ፣ ሲትድ ሮው እና ፕላንክ፣ በሁለተኛው ደግሞ ሮማንያን ዴድሊፍት፣ ኦቨርሄድ ፕሬስ፣ ላት ፑልዳውን እና ሌግ ፕሬስ ይገኛሉ። በአንዱ ሳምንት የመጀመሪያውን ክፍል ሁለት ጊዜ ከሠሩ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛው ሁለት ጊዜ ይደርሳል። ከፕላንክ በስተቀር እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሦስት ዙር ሲሆን፣ በአንድ ዙር ከ6 እስከ 10 ድግግሞሽ ይሠራል። ፕላንክን ለ40 ሰከንድ ያህል ሦስት ጊዜ መያዝ ይበቃል። በከባድ እንቅስቃሴዎች ዙሮች መካከል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ያርፉ፤ ለማላብ ብሎ እረፍቱን ማሳጠር የሚያነሱትን ክብደት ስለሚቀንስ ለዚህ ዓላማ አይጠቅምም።

አሁን ስኳት የሚሠሩት በ80 ኪሎ ግራም ስለሆነ፣ ማሟሟቂያው በባዶ ብረት 10 ጊዜ፣ በ40 ኪሎ ግራም 5 ጊዜ፣ በ60 ኪሎ ግራም 4 ጊዜ፣ በመጨረሻም በ70 ኪሎ ግራም 2 ጊዜ ይሁን። ከዚያ ወደ 80 ኪሎ ግራሙ ይሂዱ። ዙሩን የሚያቆሙት በትክክለኛ አሠራር ሁለት ድግግሞሽ ብቻ መጨመር እንደሚችሉ ሲሰማዎት ነው። የዚህ ምልክቱ ሲነሡ የብረቱ ፍጥነት በግልጽ መቀነሱ ነው፤ ጀርባዎ ከጎበጠ ወይም ጉልበትዎ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ማቆም የነበረብዎት ከዚያ በፊት ነው። ሦስቱንም ዙር በ10 ድግግሞሽ ሲጨርሱ በሚቀጥለው ጊዜ 2.5 ኪሎ ግራም ይጨምሩ።

በዚህ ዕቅድ ውስጥ ከሁሉ በላይ እንዲጠብቁልኝ የምፈልገው በብረቱ ላይ ያለውን ክብደት ነው። ብዙ ሰዎች ስብ መቀነስ ሲጀምሩ ቀላል ክብደት ይዘው ድግግሞሹን ያበዛሉ፤ ይህም ሰውነት ጡንቻውን የሚያቆይበትን ምክንያት ያዳክማል። ድካም ከተሰማዎት ከዙሩ ቁጥር ይቀንሱ እንጂ ከክብደቱ አይቀንሱ። በስድስተኛው ሳምንትም ሆን ብለን ይህንኑ እናደርጋለን፦ ክብደቱ እንዳለ ሆኖ ሦስቱ ዙር ወደ ሁለት ይወርዳል፤ በሰባተኛው ሳምንት ወደ ሦስት ይመለሳል። አንድ ቀን ቢያመልጥዎ በማግሥቱ ይሥሩት፤ ሁለት ክፍለ ሥልጠናዎችን ግን በአንድ ቀን አይደራርቡ።

የእግር ጉዞ፦ በየቀኑ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 8,000፣ ከአምስተኛው ጀምሮ ከ9,000 እስከ 10,000 እርምጃ ይራመዱ። ከምሳ በኋላ 15 ደቂቃ፣ ማታ ደግሞ 30 ደቂቃ ቢራመዱ ከዕለት ተዕለት እንቅስቃሴዎ ጋር ተደምሮ አብዛኛው ይሸፈናል። ጉዞን ከሩጫ ያስበለጥኩት እግርን ሳያዝል፣ ለሚቀጥለው ስኳት የሚያስፈልገውን ጉልበት ሳይወስድ በየቀኑ ሊደገም ስለሚችል ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ሰው ምግብ ሲቀንስ ሳያስተውለው እንቅስቃሴው ይቀንሳል፣ መቀመጥ ያበዛል፣ ደረጃ መውጣት ይሰለቸዋል። እርምጃ ቆጣሪው ይህን ለውጥ ቶሎ ያሳየናል።

ካርዲዮ፦ ማክሰኞ እና ቅዳሜ

በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ 20 ደቂቃ፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን እየተናገሩ መቀጠል በሚያስችል ፍጥነት ይሥሩ። ካርዲዮ በራሱ ጡንቻን አይበላም፤ ችግሩ በአነስተኛ ምግብ ላይ ሲበዛ ከክብደት ማንሳት ለማገገም የሚያስፈልገውን አቅም መሻማቱና ረሃብን ማባባሱ ነው። ስለዚህ በራስዎ ውሳኔ ቀን አይጨምሩ፤ ከመጠን በላይ የበሉበትን ቀን በብስክሌት ለማካካስም አይሞክሩ።

ምግብ እና እንቅልፍ

የሁለት ሳምንት መዝገብዎ እንደሚያሳየው ክብደትዎ ሳይለወጥ የቆየው በቀን 2,600 ካሎሪ ገደማ ነው፤ አሁን ወደ 2,100 እንወርዳለን። ከዚህ ውስጥ ፕሮቲን በቀን 150 ግራም ይሁን፤ በአራት ማዕድ ሲከፈል በእያንዳንዱ ከ35 እስከ 40 ግራም ይደርሳል። የቀረውን በካርቦሃይድሬትና በስብ እንደሚስማማዎት ይከፋፍሉት፤ በማንሻ ቀናት ግን ከሥልጠናው በፊት ካርቦሃይድሬት ያለበት ምግብ ቢበሉ ጉልበት ያገኛሉ። እንቅልፍዎ ከ7 ሰዓት እንዳያንስ ይጠንቀቁ።

ክትትል እና ማስተካከያ

በየጠዋቱ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ምንም ሳይበሉና ሳይጠጡ ይመዘኑ። የምንመለከተው የሰባቱን ቀን አማካይ እንጂ የአንዱን ቀን ቁጥር አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ቢቀንሱ አይደነቁ፤ አብዛኛው ውኃ ነው። በተቃራኒው ከከባድ የእግር ሥልጠና ማግሥት ሚዛኑ ከፍ ሊል ይችላል፤ እሱም ውኃ ነው። ወገብዎን በየሁለት ሳምንቱ በእምብርትዎ ትይዩ፣ ሆድዎን ሳይስቡ ይለኩ።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ የምንጠብቀው በሳምንት ከ0.5 እስከ 0.7 ኪሎ ግራም መቀነስ ነው። አማካዩ ለሁለት ሳምንት ሳይወርድ ከቆየና ወገብዎም ካልቀነሰ፣ በመጀመሪያ የምግብ መዝገብዎን አብረን እናያለን፤ መዝገቡ ትክክል ከሆነ በቀን 1,500 እርምጃ እንጨምራለን። ያም ካልበቃ ብቻ እያንዳንዱ ካርዲዮ ወደ 30 ደቂቃ ያድጋል። ክብደትዎ በተከታታይ ሁለት ሳምንት በየሳምንቱ ከአንድ ኪሎ በላይ ከቀነሰ፣ በዚያው ጊዜም በሁለት እንቅስቃሴዎች ላይ ቀድሞ የሚያነሱትን ማንሳት ካቃተዎት፣ በቀን 200 ካሎሪ ይጨምሩና ያሳውቁኝ። ሚዛኑ ቀስ ብሎ እየወረደ ስኳትዎ 80 ኪሎ ግራም ላይ ከቆየ ግን ምንም አንለውጥም።

የደረት ሕመም፣ የማዞር ስሜት ወይም እረፍት የማያስታግሠው የመገጣጠሚያ ሕመም ከተሰማዎት ሥልጠናውን አቁመው ሐኪም ያማክሩ።

12ኛው ሳምንት ሲያልቅ ዕለታዊ ምግብዎን በየሳምንቱ በ150 ካሎሪ እየጨመሩ፣ አማካይ ክብደትዎ መውረዱን እስኪያቆም ድረስ ይቀጥሉ። የማንሻ ቀናቱና እርምጃው በዚያ ጊዜም ባሉበት ይቆያሉ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት መዝገብ የፊታችን እሑድ ማታ ይላኩልኝ።