የካፌያችን የኅዳር 2018 የማኅበራዊ ሚዲያ መርሐ ግብርና የምግብ ፎቶ አነሳስ

በሳምንት አራት ጊዜ ብቻ እንለጥፋለን። አዲስ ቤት በየቀኑ ለመለጠፍ ሲሞክር በሁለተኛው ሳምንት ፎቶ ያልቅበታል።

ከኅዳር 1 እስከ 14
ሰኞ ጠዋት 1፡00፦ ቁርስ (ፉል፣ ጨጨብሳ)።
ማክሰኞ ማታ 2፡00፦ የረቡዕ በያይነቱ። ረቡዕ ረፋድ ላይ ከተለጠፈ ብዙው የቢሮ ሰው ምሳ የት እንደሚበላ ተስማምቷል።
ሐሙስ ማታ 2፡00፦ ለዓርብ፣ ሽሮ ሲንተከተክ የሚያሳይ የ15 ሰከንድ ቪዲዮ ለቲክቶክ።
ቅዳሜ ረፋድ 4፡00፦ ማኪያቶና ኬክ።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ቀኑና ሰዓቱ አይቀየርም፤ የሚለጠፈው ግን ሁሉም የጾም ይሁን። ቅዳሜ ማኪያቶው በስፕሪስ ይተካል፤ ፉሉ ያለ እንቁላልና እርጎ፣ ጨጨብሳው በዘይት ይሠራል። እነዚህ ፎቶዎች እስከ ኅዳር 12 ተነስተው ይለቁ። እንቁላል ያለበት የድሮ ፎቶ በጾም ከወጣ ደንበኛው ወጥ ቤታችንን ይጠራጠራል። ለጾም የተለየ መጥበሻ እንዳለን በየጽሑፉ ይግባ፤ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ዋጋው ቫትን ጨምሮ ይጻፍ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» አይባልም።

ፎቶ
ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት፣ በመስኮቱ ጠረጴዛ ላይ እናነሳለን። የጣሪያውን አምፖል አጥፉ፤ ቢጫው ብርሃን ከመስኮቱ ጋር ሲቀላቀል እንጀራው ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ በኋላ ማስተካከሉም አድካሚ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ከገባ ነጩን መጋረጃ ሳቡ። መስኮቱ ከሳህኑ ጎን ይሁን፤ ከጀርባችሁ ከሆነ ምግቡ ዝርግ ይመስላል፣ ጥላችሁም ያርፍበታል። በጨለመው ጎን ነጭ ካርቶን አቁሙ። ፍላሽ አንጠቀምም።

መጀመሪያ የስልኩን ሌንስ ጥረጉ፤ የወጥ ቤት ቅባት ፎቶውን ጉም ያስመስለዋል። ምግቡ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ፎከሱን ቆልፉና አረፋው ወይም ነጩ ሳህን ዝርዝሩ እስኪታይ ድረስ ብርሃኑን ቀንሱ። በጣም አትጠጉ፣ የሳህኑ ጠርዝ ይጣመማል፤ ራቅ ብላችሁ 2x ተጠቀሙ።

በያይነቱ ቀጥ ብሎ ከላይ ይነሳል። ኬክና በብርጭቆ የቀረበ ማኪያቶ ድርብርባቸው እንዲታይ ከጎን፣ ፉልና ፍርፍር ደግሞ በ45 ዲግሪ።

የሚያስቸግረው ጊዜ ነው። የማኪያቶ አረፋ ወዲያው መፈንዳት ስለሚጀምር ቦታውንና ብርሃኑን በባዶ ብርጭቆ አዘጋጅታችሁ ባሪስታውን ጥሩ። ሽሮ ሲበርድ ፊቱ ይደርቃል፤ ከእሳት እንደወረደ፣ ሸክላው ውስጥ እያለ አንሱት። እንጀራውን እስከመጨረሻው እርጥብ ጨርቅ አልብሱት። ሰላጣና ቃሪያ መጨረሻ ላይ ይገባሉ።

ፎቶውን በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይወርዳል። ልኩ ለኢንስታግራም 1080 × 1350፣ ለቪዲዮ 1080 × 1920 ነው።

ለፎቶ ተብሎ መጠን አይጨመርም፤ ደንበኛው ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ አድርጎ ያወዳድራል። የተነሳው ሳህንም ለሽያጭ አይወጣም።