በፎቶግራፍ የተደረገ የተሽከርካሪ ጉዳት ግምገማ ሪፖርት፦ ቶዮታ ኮሮላ፣ የፊት ቀኝ ጎን

ተሽከርካሪ፦ ቶዮታ ኮሮላ ሴዳን፣ እ.ኤ.አ. 2008 የተመረተ፣ ብርማ ሜታሊክ ቀለም፣ ኮድ 2 አዲስ አበባ፣ 186,420 ኪ.ሜ. የተነዳ። ሰሌዳው በፎቶ 1፣ የሻንሲ ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር ተመሳክሮ ገጥሟል።

አደጋው፦ በባለንብረቱ መግለጫ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ከቀኝ የገባ ሚኒባስ ገጭቶታል።

ፎቶዎች፦ 11፣ በማግስቱ ጠዋት በስልክ የተነሱ። ፎቶ 3 ስለተንቀጠቀጠ ለደረጃ አልዋለም።

የደረጃ አሰጣጥ፦ 0 ጉዳት የለም፤ 1 ቀለም ብቻ፤ 2 በላሜራ ሥራ የሚቃና፤ 3 የሚቀየር፤ 4 ሻንሲ ወይም የጎማ መያዣ ክፍሎች የተነኩበት። ፎቶው ለመወሰን ካልበቃ "ሳይፈታ አይወሰንም" ተብሏል።

የፊት ፓራውልት (ፎቶ 1፣ 2፣ 4)፦ ደረጃ 3። ቀኝ ጥጉ ተሰንጥቋል፤ ከፓራፋንጎው ጋር የሚያያዝበት የጎን መያዣ ተሰብሮ ፕላስቲኩ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። ስንጥቁን በፕላስቲክ ብየዳ መዝጋት ይቻል ነበር፤ የተሰበረው መያዣ ግን ቢበየድም ጥቂት ወር ሳይቆይ ይለቃል። ከኋላው ያለው ብረት አልታየም።

የቀኝ የፊት መብራት (ፎቶ 2)፦ ደረጃ 3። ሽፋኑ ከላይ ተሰንጥቋል፤ መብራቱም ከግራው ሲነጻጸር አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ሰጥሟል። የሰጠመው መያዣው ስለተሰበረ ብቻ ነው ወይስ የራዲያተሩ ደጋፊ ብረት ስለተገፋ? ይህ ለሚቀጥለው ክፍል ወሳኝ ነው።

ኮፈን (ፎቶ 2፣ 4)፦ ለጊዜው ደረጃ 2። ቀኝ የፊት ጥጉ ተነስቷል፤ እጥፋቱ ግን ጠርዙን ተከትሎ የሚሄድ እንጂ መሃሉን የሚያቋርጥ አይደለም። በግራ በኩል ከፓራፋንጎው ጋር ያለው ክፍተት ከፊት እስከ ኋላ እኩል ነው። በቀኝ ግን ከፊት ሰፍቶ ወደ መስታወቱ ይጠባል። ማጠፊያው ብቻ ከተንሸራተተ ብሎኑን አላልቶ ማስተካከል ይበቃል። ደጋፊ ብረቱ ከተገፋ ግን ኮፈኑ ቢቃናም መዝጊያው አይገጥምም፤ ያኔ ደጋፊው ደረጃ 4 ይሆናል። ሳይፈታ አይወሰንም።

የቀኝ የፊት ፓራፋንጎ (ፎቶ 4፣ 5፣ 6)፦ ደረጃ 3። ባለንብረቱ በፎቶ 6 ላሜራው ከጎደጎደበት ቦታ አጠገብ A4 ወረቀት ስለለጠፉ መጠኑን መገመት ተችሏል፤ ወርዱ ከወረቀቱ ረጅም ጎን (29.7 ሴ.ሜ.) ጥቂት ያንሳል። በጉድጓዱ ውስጥ ስለታም እጥፋት አለ፤ ላሜራው ተለጥጧል። ክፍሉ በብሎን የሚታሰር ስለሆነ መቀየሩ ይቀላል። በፎቶ 5 ከጎማው ቅስት በላይ ቀለሙ ሲላጥ ከሥሩ ወፍራም ነጭ ስቱኮ ይታያል፤ ማለትም ቀደም ሲል ተጠግኗል። ይህ ለካሳ ክፍል እንዲታወቅ ተመዝግቧል፤ ደረጃውን አይለውጥም።

የቀኝ የፊት በር (ፎቶ 4፣ 8)፦ ደረጃ 1። ፓራፋንጎው ወደ ኋላ ተገፍቶ ጠርዙን ስለነካው ቀለሙ በጣት ጫፍ ልክ ተፈንቅሏል። ሜታሊክ ስለሆነ ቦታውን ብቻ መቀባት ልዩነት ያሳያል፤ አዲሱን የፓራፋንጎ ቀለም በበሩ ላይ ማደብዘዝ፣ በሩንም ሙሉ በቬርኒሽ መሸፈን ያስፈልጋል።

የቀኝ የኋላ በር (ፎቶ 7፣ 8)፦ ደረጃ 0። በፎቶ 7 ረጅም ጎድጓዳ መስመር ይመስላል፤ በፎቶ 8 ግን መስመሩ ከካሜራው ጋር ቦታ ቀይሯል። የመብራት ምሰሶ ነጸብራቅ እንጂ ጉዳት አይደለም።

የቀኝ የፊት ጎማ (ፎቶ 9)፦ ቸርኬው ደረጃ 1፣ አዲስ ፍቅፋቂ። ጎማው በቅስቱ ውስጥ ወደ ኋላ የቀረበ ይመስላል። ሆኖም መሪው ተጠምዝዞ ስለተነሳ ፎቶው ማስረጃ አይሆንም። ብራቾው፣ ቴስቲናውና አሞርዛተሩ ሳይፈተሹ አይወሰንም።

ዳሽቦርድ (ፎቶ 10)፦ ሞተሩ እየሠራ የኤርባግ መብራት አይታይም፤ ኤርባጎቹም አልፈነዱም። ደረጃ 0።

ከአደጋው ጋር ያልተያያዘ፦ የኋላ ፓራውልት ግራ ጥግ ላይ ያለው ጭረት (ፎቶ 11) ጠርዙ ለስልሷል፤ ውስጡም ደረቅ ጭቃ ይዟል። በአንድ ሌሊት እንዲህ አይሆንም፤ የግጭቱ አቅጣጫም በተቃራኒው ጎን ነው። ከጥገናው ወጪ ውጭ ይሁን።

ከጋራዥ የሚጠበቅ፦ ፕሮፎርማ ከመሰጠቱ በፊት ፓራውልቱ ይፈታ፤ የውስጡ ብረት፣ የራዲያተሩ ደጋፊና ኮንደንሰሩ ከፊትና ከላይ ፎቶ ይነሱ። መሪው ቀጥ ተደርጎ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከጎን በእኩል ርቀት ይነሱ፤ የአላይመንት ውጤትም ታትሞ ይቅረብ። በፎቶ ያልታየ ጉዳት ሲገኝ ሥራው ቆሞ ለገማቹ ይደወል። የተፈቱት አሮጌ ክፍሎች ገማቹ እስኪያያቸው ድረስ አይጣሉ።

ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
የተሽከርካሪ ጉዳት ገማች