የጥቅምት 2018 የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ፣ ከማብራሪያ ጋር

ግብር ከፋይ፦ በቦሌ ክፍለ ከተማ ክሊኒክ፣ ካፌና የሚከራዩ ሱቆች ያሉት ድርጅት
የታክስ ጊዜ፦ ከጥቅምት 1 እስከ 30 ቀን 2018
የቀረበበት ቀን፦ ኅዳር 18 ቀን 2018

ሽያጭ
የካፌ ሽያጭ፦ 420,000 ብር
የሱቆች ኪራይ፦ 180,000 ብር
ታክስ የሚከፈልበት ሽያጭ ድምር፦ 600,000 ብር
በሽያጭ ላይ የተሰበሰበ ታክስ (15%)፦ 90,000 ብር
ከታክስ ነጻ የሆነ የሕክምና አገልግሎት፦ 900,000 ብር
ጠቅላላ ሽያጭ፦ 1,500,000 ብር

የካፌው ቁጥር ከካሽ ሬጅስተሩ ወርኃዊ ሪፖርት ጋር ተመሳክሯል፤ ልዩነት የለውም። ሁሉም መጠን ከቫት በፊት ያለው ነው።

በግዥ ላይ የተከፈለ ታክስ
ለካፌው ብቻ፦ የቡና ማሽን 18,000 ብር፣ ለስላሳ መጠጥና ማሸጊያ 21,000 ብር። ድምር 39,000 ብር። ይህ ሙሉ በሙሉ ይቀናነሳል።

ለክሊኒኩ ብቻ፦ የራጅ ማሽን ጥገና 9,000 ብር። ደረሰኙ ምንም እንከን የለበትም። ግን ማሽኑ የሚያገለግለው ከታክስ ነጻ ለሆነው ሕክምና ብቻ ስለሆነ አንዲት ብር እንኳ አልጠየቅንበትም።

ለሁሉም የጋራ፦ የጄኔሬተር ጥገና 15,000 ብር፣ ጥበቃ 7,500 ብር፣ ኢንተርኔትና ስልክ 3,000 ብር። ድምር 25,500 ብር።

ብዙ ጥያቄ የሚነሳው በዚህ በጋራው ወጪ ላይ ስለሆነ አሠራራችንን እናስረዳ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ለካፌውም ለክሊኒኩም ያበራል። የትኛው ምን ያህል እንደተጠቀመ የሚለይ ቆጣሪ የለንም። ስለዚህ የተጠቀምነው የሽያጭ ድርሻን ነው፦

600,000 ÷ 1,500,000 = 40%
25,500 × 40% = 10,200 ብር

ቀሪው 15,300 ብር አይቀናነስም። ከራጁ 9,000 ብር ጋር ተደምሮ 24,300 ብር በወጪነት ተመዝግቧል። ድርሻውን ስናሰላ የሱቆቹን ኪራይ ከካፌው ጋር ደምረናል፤ ሱቆቹ የንግድ ቤት ስለሆኑ ኪራያቸው ታክስ ይከፈልበታል። መኖሪያ ቤት የምናከራየው የለም።

አንድ ደረሰኝ ሆን ብለን አስቀርተናል። ከጄኔሬተር መለዋወጫ ሻጭ የተቀበልነው፣ 2,250 ብር ቫት ያለበት ደረሰኝ የእኛ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አልተጻፈበትም። ገንዘቡን ከፍለናል፣ ዕቃውም ገብቷል። ሆኖም የተስተካከለው ደረሰኝ እጃችን ሳይገባ ማቀናነስ ትክክል አይደለም ብለን ስላመንን ከላይ ባለው 15,000 ብር ውስጥ አልተካተተም።

ስሌት
በሽያጭ ላይ የተሰበሰበ፦ 90,000 ብር
የሚቀናነስ የግዥ ታክስ (39,000 + 10,200)፦ 49,200 ብር
ከመስከረም የዞረ ብልጫ፦ 4,800 ብር
የሚከፈል፦ 36,000 ብር

የደረሰኞቹ ዝርዝር፣ የካሽ ሬጅስተሩ ሪፖርትና የክሊኒኩ የገቢ መዝገብ ተያይዘዋል። ክፍያው ዛሬ በባንክ ተፈጽሟል። ከላይ የተሞላው እስከማውቀው ድረስ እውነትና የተሟላ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የድርጅቱ የሂሳብ ክፍል ኃላፊ