የሎጂክ ጌት መልመጃ 4፦ ከቡሊያን አገላለጽ ወደ እውነት ሠንጠረዥ፣ ከሠንጠረዡም ወደ ተቃለለ ሰርኪዩት

ኮምቦልቻ፤ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ ሁለተኛ ዓመት። መልመጃው በሁለት የወርክሾፕ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆናችሁ የምትሠሩት ሲሆን ጠቅላላ ነጥቡ 30 ነው። ሠንጠረዡን፣ የማቃለያውን እያንዳንዱን እርምጃ እና የሰርኪዩቱን ሥዕል በደብተራችሁ ላይ አስፍሩ። የመጨረሻው መልስ ትክክል ቢሆንም እርምጃው ካልተጻፈ ሙሉ ነጥብ አይሰጥም፤ ስህተት ሲኖር የት ላይ እንደተፈጠረ የሚያሳየን እርምጃው ብቻ ነውና።

የተነሣንበት ችግር

ከተማችን ውስጥ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ በመሆኑ ብዙ ግቢ ሁለት ሮቶ አለው፤ አንዱ መሬት ላይ ሆኖ ከመስመር የሚመጣውን ውኃ ይቀበላል፣ ሌላው ጣሪያ ላይ ሆኖ ለቤቱ ያከፋፍላል። ከታችኛው ወደ ላይኛው ውኃውን የሚገፋ ትንሽ ሞተር አለ። ይህን ሞተር መቼ ማስነሣት እንደሚገባ የሚወስን ሰርኪዩት እንሠራለን። ሦስት መረጃዎች ይገቡበታል።

A፦ የላይኛው ሮቶ ውኃ ሲጎድል 1፣ ሲሞላ 0 ይሆናል።
B፦ በታችኛው ሮቶ ውስጥ በቂ ውኃ ሲኖር 1፣ ሲያልቅ 0 ይሆናል።
C፦ የቤቱ ሰው በእጁ የሚጫነው ማብሪያ ሲበራ 1 ነው። መብራት ሊጠፋ ነው ሲባል የላይኛውን ሮቶ ገና ሳይጎድል አስቀድሞ ጢም አድርጎ ለመሙላት ይጠቅማል።

አንድ ጥንቃቄ የተሞላበት ጠጋኝ ሞተሩ የሚነሣባቸውን ሁኔታዎች አንድ በአንድ ቢጽፍ የሚከተለውን አገላለጽ ያገኛል። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለችው ጭረት «ተቃራኒ» ማለት ነው።

```
F = A·B·C' + A·B·C + A'·B·C
```

በዚህ መልመጃ ውስጥ የጌቶቹን ስም «ኤንድ»፣ «ኦር»፣ «ኖት» እና «ናንድ» ብለን እንጽፋለን። «አንድ ጌት» ብንል ስለ ብዛቱ እየተናገርን ይሁን ስለ ዓይነቱ አይለይም፤ ባለፈው መልመጃ ላይ ብዙ ጥንዶች የጌት ቁጥር የተሳሳቱት በዚሁ ምክንያት ነበር።

የእውነት ሠንጠረዡ

ሦስት ተለዋዋጮች ስላሉን ረድፎቹ 2×2×2 = 8 ናቸው። ረድፎቹን ከ000 እስከ 111 በሁለትዮሽ የቁጥር ቅደም ተከተል ጻፉ፤ እንደ ስሜት ከተጻፉ አንዱ ረድፍ ይደገማል፣ ሌላው ይረሳል። እያንዳንዱን ብዜት ለየብቻው በራሱ ዓምድ ከሠራን በኋላ ሦስቱን በኦር እንደምራለን።

| A | B | C | A·B·C' | A·B·C | A'·B·C | F |
|---|---|---|---|---|---|---|
| 0 | 0 | 0 | 0 | 0 | 0 | 0 |
| 0 | 0 | 1 | 0 | 0 | 0 | 0 |
| 0 | 1 | 0 | 0 | 0 | 0 | 0 |
| 0 | 1 | 1 | 0 | 0 | 1 | 1 |
| 1 | 0 | 0 | 0 | 0 | 0 | 0 |
| 1 | 0 | 1 | 0 | 0 | 0 | 0 |
| 1 | 1 | 0 | 1 | 0 | 0 | 1 |
| 1 | 1 | 1 | 0 | 1 | 0 | 1 |

ወደ ማቃለሉ ከመሄዳችሁ በፊት ሠንጠረዡን በሞተሩ ዓይን አንብቡት። B 0 በሆነባቸው አራት ረድፎች ሁሉ F 0 ነው፤ ማለትም የታችኛው ሮቶ ባዶ ከሆነ ሰው ማብሪያውን ቢጫንም ሞተሩ አይነሣም። ይህ መሆን ያለበት ነው፤ የውኃ ሞተር ያለ ውኃ ደርቆ ሲሽከረከር ውስጡ ይግልና ይበላሻልና። በ010 ረድፍ ደግሞ ውኃ አለ፣ ነገር ግን የላይኛው ሮቶ ሞልቷል፣ የጠየቀም ሰው የለም፤ ስለዚህ ሞተሩ ያርፋል። ሠንጠረዡ ከፍላጎታችን ጋር የሚገጥም መሆኑን በዚህ ደረጃ ካላረጋገጥን በኋላ የምናቃልለው የተሳሳተ ሐሳብ ይሆናል።

ማቃለል

አገላለጹን እንዳለ በሁለት መግቢያ ባላቸው ጌቶች ብንሠራው 2 ኖት፣ 6 ኤንድ እና 2 ኦር፣ በድምሩ 10 ጌቶች ያስፈልጉናል። አንድ 74HC08 አራት ኤንድ ብቻ ስለሚይዝ ሁለት እርሱን፣ አንድ 74HC32 እና አንድ 74HC04 ጨምረን አራት አይሲ ብሬድቦርድ ላይ መደርደር ሊኖርብን ነው።

```
F = A·B·C' + A·B·C + A'·B·C
  = (A·B·C' + A·B·C) + (A·B·C + A'·B·C)
  = A·B·(C' + C) + B·C·(A + A')
  = A·B + B·C
  = B·(A + C)
```

ብዙ ተማሪ የሚቆመው ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። A·B·C አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጥቶን ሳለ ሁለት ጊዜ መጠቀማችን ማጭበርበር ይመስላል። በተራ አልጀብራ ቢሆን በእርግጥ ስህተት ነበር፤ እዚህ ግን X + X = X ነው፣ አንድ እውነት ሁለት ጊዜ ቢነገር ያው አንድ እውነት ነውና። ይህን ሕግ ያልተጠቀመ ተማሪ A·B·C'ን ከA·B·C ጋር ብቻ አጣምሮ A·B + A'·B·C ላይ ይቀራል። ያም ስህተት አይደለም፣ ሠንጠረዡም አንድ ዓይነት ነው፤ ግን ገና አላለቀም።

ሌላው መንገድ ሞሪስ ካርኖ በ1953 ያቀረበው ካርታ ነው። የBC ዓምዶች ቅደም ተከተል 00፣ 01፣ 11፣ 10 መሆኑን ልብ በሉ፤ ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎች በአንድ ፊደል ብቻ እንዲለያዩ 11 ከ10 ይቀድማል።

```
        BC
      00  01  11  10
A=0    0   0   1   0
A=1    0   0   1   1
```

በ11 ዓምድ ቁመት ያሉት ሁለት አንዶች B·Cን፣ በታችኛው ረድፍ ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ደግሞ A·Bን ይሰጣሉ። መሃል ላይ ያለው 1 በሁለቱም ቡድን ውስጥ ገብቷል፤ በአልጀብራው ሁለት ጊዜ የተጠቀምንበት A·B·C እርሱ ራሱ ነው።

ሰርኪዩቱ

B·(A + C) አንድ ኦር እና አንድ ኤንድ ብቻ ይፈልጋል፤ ከአሥር ጌት ወደ ሁለት ወርደናል። ይሁንና ሁለቱ ጌቶች ዓይነታቸው ስለሚለያይ አሁንም ሁለት አይሲ መግዛት አለብን፤ ከእያንዳንዱም ሦስት ሦስት ጌት ሥራ ፈትቶ ይቀራል። በወረቀት ላይ ትንሹ አገላለጽ በብሬድቦርድ ላይ ትንሹ ሥራ ላይሆን ይችላል፤ በዚህ መልመጃ አጥብቄ እንድትይዙት የምፈልገው ነጥብ ይህ ነው። ከA·B + B·C ተነሥተን ሁለት ጊዜ ብንገለብጠውና የደ ሞርጋንን ሕግ ብንጠቀም የሚከተለውን እናገኛለን።

```
F = ((A·B)' · (B·C)')'
```

ይህ ሦስት ናንድ ነው። በጌት ቁጥር አንድ ጨምሯል፣ ነገር ግን አንድ 74HC00 አራት ናንድ ስለሚይዝ አይሲው አንድ ብቻ ይሆናል።

```
A -> 1    B -> 2     (A·B)' = 3
B -> 4    C -> 5     (B·C)' = 6
3 -> 9    6 -> 10    F      = 8
14 -> +5V   7 -> GND   12, 13 -> GND
```

እያንዳንዱን መግቢያ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ አስሩና ማብሪያው ሲጫን ከ5 ቮልት ጋር እንዲገናኝ አድርጉ። ሬዚስተሩ ከተረሳ ማብሪያው ሲለቀቅ መግቢያው ከምንም ጋር ሳይገናኝ ይንሳፈፋል፣ ኤልኢዲውም እጃችሁን ስታቀርቡ ሳይቀር ይበራል ይጠፋል። የአራተኛው ናንድ መግቢያዎች የሆኑትን 12ኛውንና 13ኛውን ፒን ከግራውንድ ጋር ያሰርነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ 11ኛውን ፒን ግን፣ መውጫ ስለሆነ፣ ክፍት ተዉት። ኤልኢዲውን ከ8ኛው ፒን በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል አገናኙና ስምንቱንም ረድፎች ፈትኑ። ሞተር በቀጥታ ከአይሲው ጋር አይገናኝም፤ በእውነተኛው ግቢ በመካከላቸው ትራንዚስተር፣ ሪሌይና ኮንታክተር ይኖራሉ፣ ያንንም በቀጣዩ መልመጃ እንሠራለን። ሁለቱ ዓለማት፣ ማለትም የቡል አልጀብራና የሪሌይ ሰርኪዩት፣ አንድ መሆናቸውን ክሎድ ሻነን በ1937 ባዘጋጀው የማስተርስ ጽሑፉ አሳይቷል።

ጥያቄዎች

ጥያቄ 1 (8 ነጥብ)። የሚከተለውን አገላለጽ የእውነት ሠንጠረዥ ሥሩ፣ አቃልሉ፣ ከተቃለለ በኋላ ስንት ጌት እንደሚያስፈልግም ጻፉ።

```
Y = (A'·B)' · (A + B)
```

ጥያቄ 2 (10 ነጥብ)። ደሴ ውስጥ ዳገት ላይ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት የደረጃ መብራት አለው። ከታች P፣ ከላይ Q የሚባሉ ማብሪያዎች ሲኖሩ አንደኛው ብቻ 1 ሲሆን መብራቱ ይበራል። አገላለጹን ከሠንጠረዡ አውጡ፤ በናንድ ብቻ ሠርታችሁም በአንድ 74HC00 እንደሚበቃ አሳዩ። የመብራት ሠራተኞች ይህን ያለ ምንም ጌት በሁለት ባለ ሦስት ሽቦ ማብሪያ እንደሚሠሩት አውቃለሁ፤ የምንለማመደው ግን አስተሳሰቡን ነው።

ጥያቄ 3 (12 ነጥብ)። የኮምቦልቻ ቀትር ከደሴ ይልቅ ስለሚሞቅ ለሞተሩ የሙቀት መከላከያ እንጨምርለት። D ሞተሩ ሲግል 1 ይሆናል፤ ያኔ ሌላው ሁሉ ቢሟላም ሞተሩ ይቁም። አዲሱን አገላለጽ፣ ሠንጠረዡ ስንት ረድፍ እንዳለውና በስንቱ 1 እንደሚወጣ ጻፉ። ቀጥሎም ሰርኪዩቱን በሁለት መግቢያ ናንድ ብቻ ሥሩና ስንት 74HC00 እንደሚፈልግ ቁጠሩ።

ማመሳከሪያ (ከሠራችሁ በኋላ ብቻ የሚነበብ)

ለጥያቄ 1፦ Y = (A + B')·(A + B) = A። ጌት አያስፈልግም፣ አንድ ሽቦ ይበቃል፤ B በሠንጠረዡ ውስጥ ቢገባም መልሱን አይነካም።

ለጥያቄ 2፦ Y = P'·Q + P·Q'። በካርታው ላይ ሁለቱ አንዶች ሰያፍ ስለሆኑ አይጣመሩም። በናንድ፦

```
N1 = (P·Q)'    N2 = (P·N1)'
N3 = (Q·N1)'   Y  = (N2·N3)'
```

ለጥያቄ 3፦ F = B·(A + C)·D'። ረድፎቹ 16፣ አንዶቹ 3 ናቸው። ቀድሞ በሠራናቸው ሦስት ናንዶች ላይ Dን ለመገልበጥ አንድ፣ ለማጣመር አንድ፣ ያንኑ መልሶ ለመገልበጥ አንድ ሲጨመር 6 ናንድ ስለሚሆን ሁለት 74HC00 ይፈልጋል። ሆኖም የሙቀት ማብሪያው ሲቀዘቅዝ 1 የሚሰጥ ከሆነና ያንን E ብለን ከጠራነው ሦስት ባለ ሦስት መግቢያ ናንዶች የያዘው አንድ 74HC10 ይበቃል፤ የመጨረሻው ጌት ትርፍ መግቢያም ከ5 ቮልት ጋር ይታሰራል።

```
F = ((A·B·E)' · (C·B·E)')'
```

እንዲህ ዓይነቱን ማብሪያ የምመርጠው አይሲ ስለሚቆጥብ ብቻ አይደለም፤ የማብሪያው ሽቦ አንድ ቀን ቢበጠስ በሬዚስተሩ ምክንያት E ወደ 0 ይወርዳልና ሞተሩ ይቆማል። በመጀመሪያው አሠራር ግን ሽቦው ሲበጠስ D 0 ሆኖ ስለሚነበብ ሞተሩ እየጋለም ሥራውን ይቀጥላል።