ማንን ጠየቅን? እንዴትስ ጠየቅን?

የዛሬው ትምህርት ስለ ናሙና መዛባት ነው። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ከደብረ ብርሃን ትንሽ ወጣ ካላችሁ ባሕር ዛፍ አለ። አንዱ ገበሬ ልጆቹን ያስተማረው አጣና ሸጦ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ ጥላው ገብሴን ጨረሰው፣ ሥሩ ውሃዬን ጠጣው እያለ ይማረራል።

እንበልና ቡድናችሁ «የሰሜን ሸዋ ገበሬ ስለ ባሕር ዛፍ ምን ያስባል?» ብሎ ተነሣ። በገበያ ቀን አጣና ተራ ሄዳችሁ መቶ ሰው ጠየቃችሁ። እዚያ የምታገኙት ማንን ነው? ሻጩን፣ ገዢውን፣ ጫኙን። ማሳው ከዛፉ ጋር የሚዋሰነው ሰውዬ እዚያ ምን ይሠራል? ቤት የቀረችው ሚስቱስ? መንዝ ያለው በግ አርቢ፣ ሸዋ ሮቢት ቆላ ያለው ሽንኩርት አምራችም የሉም። የናሙና መዛባት ማለት ይኸው ነው፦ አንዳንዱ ሰው የመጠየቅ ዕድሉ ሰፊ፣ የሌላው ጠባብ ወይም ጭራሽ የሌለ ሲሆን።

«መቶው ካነሰ ሺህ እንጠይቃ!» የሚል ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። እዚያው አጣና ተራ ሺህ ብትጠይቁ ያንኑ ስህተት አሥር እጥፍ ደከማችሁበት ማለት ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ሰው የምርጫ መጠይቅ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ መጣለት። ዕጩው ላንደን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን በሰፊ ልዩነት ያሸንፋል ብሎ ጻፈ። ሩዝቬልት 60 ከመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። ስሞቹ በአብዛኛው የተለቀሙት ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ እናንተው ገምቱ። በዚያ ላይ መልሶ የላከው ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ነው፤ ዝም ያለው ሰው ሐሳብ መልስ ከሰጠው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል።

አሁን ናሙናውን አስተካከልን እንበል። ከየቀበሌው መዝገብ በዕጣ አወጣን። ተገላገልን? የለም። ሰዎቹ ትክክለኛ ሆነው ጥያቄው ሊያጣምማቸው ይችላል። ይህ ሌላ በሽታ ነው፣ ከናሙና መዛባት ጋር አታምታቱት። ዕጣ አያድነውም።

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ተመልከቱ፦

ሀ. በእርሻ ማሳ ላይ ባሕር ዛፍ መትከል መከልከል አለበት ይላሉ?
ለ. በእርሻ ማሳ ላይ ባሕር ዛፍ መትከል መፈቀድ አለበት ይላሉ?

በአመክንዮ ካየነው ለሀ «አዎ» ያለ ለለ «አይ» ማለት አለበት። ሰው ግን እንዲህ አይመልስም። መከልከል ከባድ ቃል ነው፤ የሰው እጅ ያስራል። አለመፍቀድ ለስለስ ይላል። ዶናልድ ራግ የተባለ ተመራማሪ በ1941 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይህንኑ ነው። ዴሞክራሲን የሚቃወም ንግግር ይከልከል ወይ ተብለው ሲጠየቁ 54 ከመቶ አሜሪካውያን ይከልከል አሉ። ይፈቀድ ወይ ሲባል ግን 75 ከመቶው አይፈቀድ አሉ። የ21 ነጥብ ልዩነት፣ ከአንድ ግሥ!

በእኛ አማርኛም የራሳችን ወጥመዶች አሉ። አንደኛው «አይደል?» ነው። «ባሕር ዛፍ መሬት ያደርቃል፣ አይደል?» ብላችሁ አንድ አዛውንት ብትጠይቁ እንግዳ ላለማሳፈር ብቻ «እንዴታ ልጄ» ይሏችኋል። ሁለተኛው አሉታዊ ጥያቄ ነው። «ባሕር ዛፍ አይጠቅምም?» ስትሉ «አዎ» የሚል መልስ ቢመጣ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ? አዎ አይጠቅምም? ወይስ አዎ ይጠቅማል? መረጃ ሰብሳቢው የመሰለውን ይሞላል፣ መረጃው እዚያው ላይ ተበላሸ። በአንድ ጥያቄ ሁለት ነገር ማጨቅም አለ፦ «ባሕር ዛፍ ገቢ ያስገኛል፣ አፈርስ ይጎዳል?» ለአንዱ አዎ፣ ለሌላው አይ የሚል ሰው መውጫ የለውም።

ለእኔ የሚሻለው እንዲህ ነው፦ «አንዳንድ ገበሬዎች በእርሻ ማሳ ላይ ባሕር ዛፍ ይተከል ይላሉ። ሌሎች አይተከል ይላሉ። እርስዎ የቱ ይሻላል ይላሉ?» ሁለቱም ወገን እኩል ተጠርቷል። «አላውቅም» የሚል ምርጫም ጨምሩበት፤ ያልገባውን ሰው በግድ አታስመልሱት። ይተከል የሚለው ሁልጊዜ ቀድሞ እንዳይነበብ በግማሹ ወረቀት ላይ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት።

የቤት ሥራ። የሁለቱም ክፍል ተማሪዎች ስም ዝርዝር አለን። ስሞቹን በየወረቀቱ ጽፋችሁ አንድ ሣጥን ውስጥ አደባልቁ። እጣ የወጣላቸውን የመጀመሪያ 40 ተማሪዎች ውሰዱ፤ ለ20ው ጥያቄ ሀን፣ ለቀሪው 20 ጥያቄ ለን ስጡ። ማንም ሁለቱንም አያይ። ወዳጆቻችሁን መርጣችሁ እንዳትጠይቁ። በሀ «አዎ»፣ በለ «አይ» ያሉትን ቆጥራችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። 20 ሰው ጥቂት ስለሆነ አንድ ሁለት ሰው ልዩነት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ለዚያ ምን ያህል ልዩነት እንደሚበቃ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እናሰላለን።