ሦስተኛው አንቀጽ

ጌትነት ለክረምቱ እረፍት ከደብረ ማርቆስ ወደ አያቱ ቤት እንደገባ፣ እማሆይ ከሳጥናቸው ሁለት ወረቀት አውጥተው ሰጡት። አንዱ ከብዙ ዓመት በፊት የተሰጣቸው፣ ፎቶግራፋቸው የተለጠፈበት የይዞታ ደብተር ነበር። ሌላው ደግሞ ያው የ3 ጥማድ ማሳ በሁለተኛው ደረጃ ልኬታ ጊዜ በእኩል በሚያርስላቸው ሰው ስም መመዝገቡን የሚገልጽ የቀበሌ ወረቀት ነው።

ወጣቱ ያን ሌሊት ሁለት ገጽ ማመልከቻ ጻፈ፤ እርጅናቸውን፣ መበለትነታቸውን፣ የአራሹንም ክህደት በየአንቀጹ ዘረዘረ። በማግስቱ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ እስከ ሦስተኛው አንቀጽ ካነበበ በኋላ ወረቀቱን መለሰለት። «ይህ የይዞታ ክርክር ነው፤ ክርክር የሚዳኘው ፍርድ ቤት ነው» አለው። ባለሙያው አልተሳሳተም፤ «በማታለል ነጠቀኝ» የሚል ጽሑፍ ዳኛ እንጂ መዝጋቢ አይመልሰውም።

ማታ ማመልከቻውን ሲያነብላቸው እማሆይ እዚያው አንቀጽ ላይ አስቆሙት።

«ልጄ፣ ሌባ በልልኝ መቼ አልኩህ? ለካዎቹ የመጡ ዕለት እኔ ታምሜ ተኝቼ ነበር፤ እሱ ከበሬዎቹ ኋላ ነው። ስም ጠየቁት፣ የራሱን ነገራቸው። ያራሹ ይሁን የባለመሬቱ የጠየቀው የለም።»

ጌትነት የተቀረውን ሁሉ ሰርዞ፣ አንቀጹን እርሳቸው በነገሩት መንገድ እንደገና ጻፈው፦

«ማሳው በመጀመሪያው ደረጃ መዝገብ በስሜ የሰፈረ ሲሆን፣ በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ መንገድ ያዋስኑታል። ልኬታው ሲካሄድ ታምሜ ስላልተገኘሁ፣ በእኩል ሲያርስልኝ የነበረው ሰው እንደ ባለይዞታ ተመዝግቧል። ከአራሹ ጋር ክርክር የለኝም፤ የምጠይቀው ሁለቱ መዝገቦች ተመሳክረው የምዝገባ ስህተቱ እንዲታረም ብቻ ነው።»

ባለሙያው በዚህ ጊዜ ወደ ፍርድ ቤት አልላካቸውም። የቀድሞውን መዝገብ አስወጥቶ ከደብተሩ ጋር አመሳከረ፤ ከዚያም ቀን ቆርጦ ከቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ጋር ማሳው ድረስ ወረደ። አዋሳኞቹ ተጠርተው ድንበሩን አሳዩ፤ አራሹም ተጠየቀ። ጌትነት የፈራው ይህችን ሰዓት ነበር፤ የመጀመሪያው ማመልከቻ ተነቦለት ቢሆን ኖሮ ሰውየው ራሱን ከስድብ ለመከላከል ሲል ብቻ መሬቱ የእኔ ነው ማለቱ አይቀርም ነበር። አሁን ግን የተነበበለት ያ አንቀጽ ስለሆነ፣ ጎንበስ ብሎ «እውነት ነው፤ መሬቱ የእማሆይ ነው፣ እኔ አራሽ ነኝ» አለ።

በቃለ ጉባኤው ላይ በምስክርነት መጀመሪያ የፈረመው እርሱ ነበር። እማሆይ ከፊርማው ሥር አውራ ጣታቸውን አሳርፈው፣ ለዘንድሮው ጤፍ ማሳው ስንተኛ እርሻ ላይ እንደደረሰ ጠየቁት።